14 ዓመት፦ ለጋብቻ ዝግጅት ቡድን የተዘጋጁ የውይይት ካርዶች

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ሰው ካርዱን ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ ጨዋታው የሁላችሁም ነው። ሰብለና ዳዊት ለውይይቱ የተፈጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ጭንቀታቸው ግን በብዙ ቤት ያለ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ጋብቻቸውን የሚቃወሙትን ክፉ አድርጋችሁ አትነሱ። የሚጮኹት ለሚወዱት ሰው ፈርተው ነው። ፍርሃቱ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ መልስ አይገኝለትም።

ካርድ 1፦ ሁለቱ

ሰብለ 42 ዓመቷ ነው። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች። ባሏን በሞት ካጣች ቆይታለች፤ የ16 ዓመት ልጅ አለቻት፣ ማርታ። ዳዊት 28 ዓመቱ ነው። ኤሌክትሪሺያን ነው፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ለቤቱ የበኩር። የሱቋን መብራት ሊሠራ መጥቶ ነው የተዋወቁት። አሁን መጋባት ይፈልጋሉ። የሁለቱም ቤት «አይሆንም» ብሏል።

ዕድሜያቸውን እንደሰማችሁ መጀመሪያ ምን አሰባችሁ? ሳታሳምሩ ተናገሩ። እሱ 42፣ እሷ 28 ብትሆንስ ያንኑ ታስቡ ነበር?

ካርድ 2፦ የዳዊት እናት

«እኔ 56 ዓመቴ ነው። በእኔና በእሷ መሃል 14 ዓመት፣ በእሷና በልጄ መሃልም 14 ዓመት። እህቴ ልትሆን የምትችል ሴት ምራቴ ትሁን? ክፉ ሰው ናት አልልም፣ አንዴ ነው ያየኋት። ግን የበኩር ልጄ ነው። በተክሊል ሲያገባ አያለሁ ብዬ ስንት ዓመት ጠበቅኩ። የልጅ ልጅ ልቀፍ እንጂ! አባቱማ ‹ለዚህ ጉዳይ ሽማግሌ አልልክም› ብሎ ቁጭ ብሏል።»

እዚህ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፦ ኀፍረት፣ ሥርዓት፣ የልጅ ልጅ። በአንድ መልስ አትመልሷቸው። ሥርዓቱን በተመለከተ ተክሊል ለደናግል ነው፤ ሰብለ ደግሞ አግብታ የወለደች ናት። የነሱ ጋብቻ በምን ሥርዓት ይፈጸም የሚለውን የንስሐ አባታቸው ይነግሯቸዋል። እናትየው ይህን ከልጃቸው አፍ ቀድመው ቢሰሙ ይሻላል፣ ከሰው ሳይሆን።

ካርድ 3፦ ልጅ

ይህ ካርድ ከባድ ነው። አትቸኩሉበት።

ሴት ልጅ ከ35 ዓመት በኋላ የማርገዝ ዕድሏ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ40 በኋላ ደግሞ ቅነሳው ይፈጥናል። የፅንስ መውረድ፣ በእርግዝና ወቅት የሚመጣ የደም ግፊትና የስኳር ችግርም ይጨምራል። ይህ ማለት አይሆንም ማለት አይደለም። በዚያ ዕድሜ በሰላም የወለዱ እናቶች ብዙ ናቸው። ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ማለፍ ለሰብለ አይበቃም። ሁለቱ አብረው የማህፀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ከሰርግ በፊት።

ዳዊት ለብቻው የሚመልሰው፦ «ልጅ ባይመጣ፣ በ40 ዓመትህ ጓደኞችህ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ ሰብለን ትወቅሳታለህ?» ሰብለ ለብቻዋ የምትመልሰው፦ «ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይስ እሱን እንዳታጪ ብለሽ ነው እሺ ያልሽው?»

መልሳችሁ ከተለያየ እዚሁ ቁሙ። ቤተሰብ ከማሳመን ይህ ይቀድማል።

ካርድ 4፦ የሰብለ ታላቅ ወንድም

«ሰብልዬ፣ ልጁ ጨዋ ይመስላል፤ አልዋሽሽም። ግን የሚከራይ ቤት አለሽ፣ ሱቅ አለሽ። እሱ ምን አለው? ነገ ጥሎሽ ሲሄድ ግማሹን ይዞ ነው። የማርታ አባት ያን ቤት ሲሠራ ያየሁ ሰው ነኝ። የልጅቷን ነገር እያየሁ ዝም አልልም።»

ሰብለ በዚህ ትበሳጫለች። «42 ዓመቴ ነው፤ አሁንም ሞግዚት ያስፈልገኛል?» ትላለች። እውነቷን ነው። ወንድሟ ግን ስለ ማርታ ያነሳው ነገር ዝም ብሎ ምቀኝነት አይደለም፤ መልስ አለው፣ መልሱም በወረቀት ላይ ነው።

ካርድ 5፦ ወረቀቱ

በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት 18 ዓመት የሞላቸው ሁለት ሰዎች በነፃ ፈቃዳቸው ይጋባሉ። የወላጅም የወንድምም ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። የዕድሜ ልዩነትም ጋብቻን አይከለክልም። ስለዚህ ቤተሰብን የሚለምኑት ለምርቃቱና ለሰላሙ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ። ቤቱ የተሠራው ሰብለና ሟች ባሏ በጋብቻ ላይ እያሉ ነው። ግማሹ የሟች ነበር። ያለ ኑዛዜ ነው ያረፈው፣ ከማርታ ሌላም ልጅ የለውም፤ ስለዚህ የሱ ድርሻ የማርታ ነው። ዳዊት ሊነካው አይችልም፣ ሰብለም እንደራሷ ልትቆጥረው አትችልም። የቀረው ግማሽ ሰብለ ከአዲሱ ጋብቻ በፊት የነበራት ስለሆነ የግል ንብረቷ ሆኖ ይቀጥላል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፦ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ በጋብቻ ውስጥ የጋራ ይሆናል። የሰብለ ድርሻ ኪራይ፣ የሱቁ ትርፍ፣ የዳዊት የሥራ ገቢም እንዲሁ። ሌላ ነገር ከፈለጉ የጋብቻ ውል ይዋዋሉ። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ 4 ምስክሮችም ይፈርሙበታል፣ ሁለት በባል፣ ሁለት በሚስት በኩል። በሰብለ በኩል ከሚፈርሙት አንዱ ያ ወንድሟ ቢሆን ምን ይመስላችኋል? እኔ ቢሆን ደስ ይለኛል። የፈራውን ነገር ራሱ አንብቦ ይፈርምበታል።

ሌላው ጎንም አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። ሰብለ ነገ አንድ ነገር ብትሆን ዳዊት ከጋራው ንብረት ድርሻውን ይወስዳል እንጂ ወራሿ አይሆንም። ይህ ወንድሟን ያረጋጋዋል። ዳዊት ግን ለዓመታት አብሯት ኖሮ ከቤቱ ድርሻ ሳይኖረው ሊቀር ይችላል። ይህስ ፍትሐዊ ነው? ኑዛዜ ይጻፍ ወይስ ይቆይ? ሁለቱም ወገን እያለ ተነጋገሩበት።

ካርድ 6፦ ማርታ

«ማንም አልጠየቀኝም። ዳዊት ከእኔ በ12 ዓመት ነው የሚበልጠው። ጋሼ ልበለው? አባዬ ልለው አልችልም። ክፍል ውስጥ ‹የእናትሽ ባል ወንድምሽ ይመስላል› ሲሉኝስ?»

እስካሁን ሁሉም ስለ እሷ አወራ፣ እሷን ግን ያናገራት የለም። ሰብለ መጀመሪያ ማናገር የነበረባት ማንን ነው? ዳዊትስ በዚህ ቤት ምን ሆኖ ይግባ፦ አባት፣ ታላቅ ወንድም ወይስ የእናቷ ባል ብቻ?

ካርድ 7፦ ሰው ምን ይላል

ይላል። ከዚያ ሌላ ወሬ ያገኛል። በዚህ ካርድ ከአምስት ደቂቃ በላይ አትቆዩ።

ካርድ 8፦ ከ20 ዓመት በኋላ

እሷ 62፣ እሱ 48። እሱ ገና ሥራ ላይ ነው፣ እሷ ጉልበቷን ያማታል። ዳዊት፣ ማስታመም ትችላለህ? ሰብለ፣ መታመምሽን ሳትደብቂው መኖር ትችያለሽ? «ፍቅር ካለ» ብላችሁ አትመልሱ። ማን ያበስላል፣ ማን ሐኪም ቤት ይወስዳል፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ እሱን ንገሩን።

ካርድ 9፦ ሽምግልና (የሚና ጨዋታ)

አባት ሽማግሌ አልልክም ብለዋል። ዳዊት አጎቱን፣ የንስሐ አባቱንና አንድ የሥራ አለቃውን ለምኖ ወደ ሰብለ ወንድም ቤት ልኳል። አምስት ሰው ይነሳ፦ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ወንድም፣ እና ጓዳ ሆና የምትሰማ ማርታ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ ‹ተቀመጡ› ቢባሉም ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለዋል። የወንድም የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፦

«አባቱ የት አሉ?»

ከዚህ ቀጥሉ።