የጽዳት ኮንትራት ማቋረጫ ማስታወቂያ

ለጽዳት ድርጅቱ ስራ አስኪያጅ፣

ጤና ይስጥልን። ለብዙ አመት ህንጻችንን ስታጸዱልን ቆይታችኋል፣ ለዛም ከልብ እናመሰግናለን። ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሱፐርቫይዘር ብቅ አይልም፣ የ3ኛ ፎቅ ሽንት ቤት ሳሙናም ሶፍትም ሳይኖረው ይውላል፣ ደረጃው ላይ የፈሰሰ ውሃ ሳይወለወል ቀርቶ ሰው አዳልጦት ወድቋል፣ በጽሁፍም በስልክም ደጋግመን ብንነግራችሁ ምንም ለውጥ የለም።

ስለዚህ በኮንትራቱ የማቋረጫ አንቀጽ መሰረት ይሄ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ከ30 ቀን በኋላ ውሉ ያበቃል። እስከዛ ስራውም ክፍያውም እንደተለመደው ይቀጥላል። በመጨረሻው ቀን ቁልፎቹን፣ የመግቢያ ባጆቹንና የኛን የወለል ማሽን በፊርማ አስረክባችሁ የመጨረሻ ኢንቮይሳችሁን ላኩልን። እባካችሁ የጽዳት ሰራተኞቹን ደሞዝ ደግሞ በጊዜው ክፈሏቸው፣ እነሱ ምንም አላጠፉም።

የህንጻው አስተዳደር