ርዕስ፦ የቦይለር ኦፕሬተር ማጣሪያ መጠይቅ መልስ፣ የማመልከቻ ቁጥር 47

ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። ማክሰኞ በኢሜይል ለላካችሁልኝ 8 ጥያቄዎች መልሴ ከዚህ በታች አለ። ቅጹ ላይ የሚሞላው አጭር መልስ ከየቁጥሩ ፊት ይገኛል። ሁለት ትርጉም ያለው ጥያቄ ሲያጋጥመኝ የቱን ይዤ እንደመለስኩ ጽፌአለሁ።

1. «የሥራ ልምድ»፦ 9 ዓመት ከ3 ወር፣ ከጥቅምት 2009 እስከ ጥር 2018 ዓ.ም.። ቅጹ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ከ2016 መጨረሻ እስከ 2026 መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያው 2 ዓመት በረዳትነት ስለሆነ፣ ረዳትነት የማይቆጠር ከሆነ 7 ዓመት ከ3 ወር ብላችሁ ያዙት።

2. «የሠሩበት ቦይለር መጠን»፦ በሰዓት 2 ቶን ስቲም፣ የሥራ ግፊት 8 ባር። የተፈለገው የትኛው እንደሆነ ስላልለየሁ ሁለቱንም ጽፌአለሁ። በናፍጣ የሚሠራ ፋየር ቲዩብ ነው።

3. «የትምህርት ደረጃ»፦ ደረጃ 4። የብቃት ማረጋገጫው ተያይዟል።

4. «ከ2:00 እስከ 10:00 መሥራት ይችላሉ?»፦ አዎ። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ማለት ከሆነ ምንም ችግር የለም። በፈረንጅ ከሆነ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት መግባት ነው፤ በዚያ ሰዓት ከሳቢያን ባጃጅ ማግኘት ስለሚያስቸግር ሰርቪስ መኖሩን ብትነግሩኝ።

5. «ሶፍትነሩን በየስንት ቀኑ ያጥባሉ?»፦ በቀን ሳይሆን ባለፈው ውሃ መጠን። የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም ይበዛዋል፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቦይለር ቱቦ ላይም ይጋገራል፣ ሙቀት ስለማያሳልፍ ብረቱ ከልክ በላይ ይግላል። ለምሳሌ የውሃው ጥንካሬ በሊትር 400 ሚሊግራም፣ ሬዚኑ 100 ሊትር ቢሆን፣ አንድ ሊትር ሬዚን 50 ግራም ያህል ስለሚይዝ 12,500 ሊትር ካለፈ በኋላ ይጠግባል። ያኔ መጀመሪያ ከታች ወደ ላይ 10 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ቀጥሎ 15 ኪሎ ጨው በ135 ሊትር ውሃ ሟሙቶ ቢያንስ በ30 ደቂቃ ቀስ ብሎ ማሳለፍ፣ ከዚያ ጨውነቱ እስኪጠፋ ማለቅለቅ። የአፍዴራ ጨው ይሆናል፣ ነገር ግን አፈር ያለበት ከሆነ ሳይጣራ አይገባም፤ ሬዚኑን ይደፍነዋል። ከሶፍትነሩ የሚወጣው ውሃ በቴስት ኪት ከ5 ሚሊግራም በላይ ካሳየ ቆጣሪው ምንም ይበል፣ ማጠቢያው ደርሷል።

6. «ብሎውዳውን በቀን ስንት ጊዜ?»፦ የታችኛው በየፈረቃው 1 ጊዜ፣ ጭነት ሲቀንስ፣ ለጥቂት ሰከንድ። የላይኛው ግን በጊዜ ብዛት አይመለስም፣ የሚወሰነው በውሃው ውስጥ በሟሟው ነገር ነው። ሶፍትነር ካልሲየምን በሶዲየም ይለውጣል እንጂ የሟሟውን አይቀንስም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚጨመረው ውሃ 600 ፒፒኤም፣ የቦይለሩ ወሰን 3,000 ቢሆን፣ 2 ቶን ስቲም ሲሰጥ ኮንደንሴት የማይመለስ ከሆነ በሰዓት 500 ሊትር መጣል አለበት። ግማሹ ስቲም ኮንደንሴት ሆኖ ከተመለሰ 250 ይበቃል። በሁለተኛው ሁኔታ የሚጨመረው ውሃ በሰዓት 1,250 ሊትር ስለሚሆን በቁጥር 5 ያለው ሶፍትነር ለ10 ሰዓት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ኮንደንሴት ምን ያህል እንደምትመልሱና አንድ ሶፍትነር ወይስ ሁለት እንዳላችሁ ባውቅ ትክክለኛውን ቁጥር እሰጣችኋለሁ።

7. «በጌጅ ግላስ ላይ ውሃ ካልታየ ውሃ ይጨምራሉ? አዎ/አይ»፦ አይ። ይህ በአንድ ቃል ቢቀር አልወድም። መስታወቱ ውሃ ሲጎድልም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሞላም ባዶ ይመስላል። በመጀመሪያ በርነሩ ይጠፋል፣ ማጣራቱ ከዚያ በኋላ ነው። የጌጅ ግላሱ ቧንቧዎች ተራ በተራ ተከፍተው ይፈተሻሉ። ውሃ ከሌለ የፊድ ፓምፑ ይቆማል፣ ዋናው የስቲም ቫልቭ ይዘጋል፣ ሴፍቲ ቫልቭ በእጅ አይነካም፣ ቦይለሩ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባ ቱቦው ይሰነጠቃል፣ ውሃውም በቅጽበት ስቲም ሆኖ ግፊቱ ሊያፈነዳው ይችላል። ውስጡ በባለሙያ ሳይታይ እንደገና አይለኮስም። ቅጹ ከ«አይ» ሌላ የማይቀበል ከሆነ ይህን አንቀጽ ለቴክኒክ ኃላፊው እንድታስተላልፉልኝ እጠይቃለሁ።

8. «የሚጠብቁት ደመወዝ»፦ 18,000 ብር፣ ተጣርቶ እጅ የሚደርስ። የሌሊት ፈረቃና የትርፍ ሰዓት ክፍያ አልተካተተበትም።

የተያያዙት፦ የብቃት ማረጋገጫ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ 2 ገጽ፣ የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ። በቁጥር 4 እና 6 ላይ የጠየቅኳችሁን እስከ ዓርብ ብትመልሱልኝ የተስተካከለውን በዕለቱ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የማመልከቻ ቁጥር 47 አመልካች
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ