የወርኃዊ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቅጽ (ለተረኛ ጸሐፊ)

ይህ ቅጽ ሆን ብለን በጥር ስብሰባ ሞልተን ያስቀመጥነው ነው። ባዶውን ስንሰጥ አንዱ ሁለት መስመር፣ ሌላው አምስት ገጽ ይዞ ይመጣ ነበር። ኮፒ አድርጉትና የጥሩን አጥፍታችሁ የራሳችሁን ወር ጻፉ። ርዕሶቹንና ቅደም ተከተላቸውን አትንኩ። በቅንፍ ያለው ለእናንተ ነው፤ ስትጨርሱ ይጥፋ።

የሰፈር ልጆች ማንበቢያ ቤት፦ ቃለ ጉባኤ ቁጥር 05/2017
(ቁጥሩ የወሩ ነው፤ መስከረም 01 ይሆናል። ጳጉሜ ስብሰባ የለንም።)

ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. (በፈረንጅ ጃንዩወሪ 25፣ 2025)
ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡10 እስከ 9፡45
(የፈረንጁ ቀን ውጭ ላሉ ደጋፊዎቻችን ነው። ሰዓቱ ግን በሐበሻ ይሁን፤ «ከቀኑ» የምትለዋ አትቅር። የሚጻፈው የተጀመረበት ሰዓት ነው። የተጠራነውማ በ7፡30 ነበር።)

የተገኙ፦ ከ9 የቦርድ አባላት 7። ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል።
ያልተገኙ፦ 2፤ አንዱ አስፈቅደው፣ አንዱ ሳያስፈቅዱ።
(የስም ዝርዝሩ ከነአባት ስም በፊርማ መዝገቡ ላይ ነው።)

ያለፈው ወር ውሳኔዎች
የመጻሕፍት ቆጠራ፦ ተፈጽሟል፤ 412 መጻሕፍት።
የጣሪያ ጥገና፦ አልተፈጸመም፤ ባለሙያው ቀርቷል።
(«በሂደት ላይ» የሚባል ነገር የለም። ቢያሳፍርም ይጻፍ።)

ገንዘብ፦ የዞረ 18,400 ብር፣ ገቢ 6,500፣ ወጪ 4,150፣ ቀሪ 20,750።

አጀንዳ 1፦ የመደርደሪያ ግዢ
ጭብጥ፦ መጻሕፍት መሬት ላይ ናቸው፤ ጥግ ያሉትን እርጥበት ነክቷቸዋል። ያገለገለ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ነቀዝ ተፈራ።
ውሳኔ፦ ሁለት የእንጨት መደርደሪያ ከ9,000 ብር ባልበለጠ ይሠራ።
ድምፅ፦ ድጋፍ 6፣ ተቃውሞ 1።
ኃላፊ፦ የግዢ ተጠሪ፤ ሦስት ፕሮፎርማ እስከ የካቲት 8 ለገንዘብ ያዥ ያስረክባሉ።
(ሐሳቡ እንጂ ተናጋሪው አይጻፍ፤ «ስሜ ይያዝልኝ» ያለ ካለ ብቻ ያዙለት። «ቢታይ ጥሩ ነው ተባለ» ውሳኔ አይደለም። ወሬው ወደዚያ ሲሄድ እጃችሁን አውጡና «ማን? እስከ መቼ?» በሉ። ሰብሳቢው ቅር አይላቸውም፤ ተነጋግረንበታል። መልስ ከጠፋ «አልተወሰነም፤ ለየካቲት ተላልፏል» ብላችሁ እለፉ።)

አጀንዳ 2፦ የጣሪያ ጥገና
ውሳኔ፦ ሌላ ባለሙያ ይፈለግ። በሙሉ ድምፅ።
ኃላፊ፦ ሰብሳቢ፤ እስከ የካቲት 1።

ቀጣይ ስብሰባ፦ ቅዳሜ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 7፡30። ተረኛ ጸሐፊ፦ የንባብ ክበብ አስተባባሪ።

ፊርማ፦ ሰብሳቢና የጥር ተረኛ ጸሐፊ ፈርመዋል።
(በ3 ቀን ውስጥ በቴሌግራም ግሩፑ ይለቀቅ፤ እርማት እስከ 7ኛው ቀን ይቀበላል። የፋይሉ ስም «ቃለጉባኤ-2017-05» ይሁን። «የመጨረሻው የመጨረሻ» የሚል ፋይል አራት አለን፤ አምስተኛ አትጨምሩብን።)