ለከተማችን የውኃ ደንበኞች የቀረበ የይቅርታ መግለጫ

ከሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት እስከ ማክሰኞ ሚያዝያ 14 ምሽት ድረስ በከተማችን የላይኛው ሰፈሮች ውኃ አልነበረም። ጊዜው ሰሙነ ሕማማትና ፋሲካ ነበር። ውኃው የተቋረጠው በእኛ ጥፋት ነው። በጥፋታችን ላይ ደግሞ እውነት ያልሆነ ማስታወቂያ ለጠፍን። ስለ ሁለቱም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ማስታወቂያውን እናስቀድም። ረቡዕ ሚያዝያ 8 በጽሕፈት ቤታችን በርና በቦኖዎቹ አጥር ላይ የለጠፍነው ወረቀት «በኤሌክትሪክ ኃይል መቆራረጥ ምክንያት» ይላል። በእነዚያ ቀናት መብራት አልጠፋም፤ ወረቀቱን ስንጽፍም ይህንን እናውቅ ነበር። ጽሑፉን ያጸደቀው ይህን መግለጫ የፈረመው ሥራ አስኪያጅ ነው። ቤታችሁ መብራት እየበራ ያንን ወረቀት ያነበባችሁ ሁሉ ብትቆጡ እውነት አላችሁ።

የሆነው ይህ ነው። በሁለተኛው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጠላቂ ፓምፕ ሞተሩ ተቃጠለ። ድንገት የደረሰ ነገር አይደለም። የፓምፑ ኦፕሬተር ሞተሩ ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ እየሳበ መሆኑን፣ መከላከያውም በቀን ሦስትና አራት ጊዜ እያጠፋው መሆኑን በየካቲት ወር በደብዳቤ አሳውቆናል። በመጋቢት ደግሞ ጽፏል። ፓምፑን አውጥቶ ለመፈተሽ ለሁለት ቀን ውኃ ማቆም ያስፈልግ ስለነበር «ከበዓሉ በኋላ ይደረሳል» ብለን ደብዳቤዎቹን አስቀመጥናቸው። ይባስ ብለንም መከላከያው ታልፎ ሞተሩ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር እንዲገናኝ አዘዝን። ኦፕሬተሩ ይህንን ተቃውሞ ነበር። በሰፈር የሚወቀሰው እርሱ መሆኑን ሰምተናል፤ እባካችሁ ተዉት፣ ወቀሳው የእኛ ነው።

መጠባበቂያ ፓምፕ ነበረን። ከሦስት ዓመት በፊት ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ ከነሳጥኑ ተቀምጧል። በጸሎተ ሐሙስ ሳጥኑን ስንከፍት የኬብሉን ሽፋን አይጥ በልቶት አገኘነው። ኬብሉን ቀይረን ወደ ጉድጓዱ ስናወርደው ደግሞ ውኃውን እስከ ላይኛው ማጠራቀሚያ ጋን የመግፋት አቅም እንደሌለው ታወቀ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከፍተን አላየነውም። ሳጥኑን በጊዜው ከፍተን ቢሆን ኖሮ ስምንቱ ቀን ሁለት ቀን ይሆን ነበር።

እናንተ የከፈላችሁትን ደግሞ አይተናል። የቀዳም ሹር ሌሊት እናቶች ለዶሮ ማጠቢያ ውኃ ፍለጋ ጄሪካን አዝለው ወንዝ ወርደዋል። የጋሪ ውኃ 20 ሊትሩ 40 ብር ገብቷል። በስቅለት ዕለት አንድ አባት ሁለት ጄሪካን ይዘው በጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ቆመው ያየናቸው እኛው ነን፤ ምጥ ላይ ላለች ልጃቸው ውኃ ከቤት ተሸክመው መምጣት አልነበረባቸውም። በዚያው ሰሞን ካሉን ሁለት ቦቴዎች አንዱ ሁለት ጭነት ውኃ ለሆቴሎች በሽያጭ አድርሷል። ገንዘቡ ለጽሕፈት ቤቱ ገቢ ሆኗል፤ ጤና ጣቢያው ውኃ እየጠበቀ የተሸጠ ውኃ በመሆኑ ግን ይህ ጥፋቱን አያቃልለውም። ጤና ጣቢያውን፣ ወላዶቹንና ቤተሰቦቻቸውን ለብቻ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውኃው ሲመለስም ተሳስተናል። ለቀናት ባዶ የሆነ መስመር ውኃ ሲገባበት ዝገትና ደለል ይዞ ይወጣል። አስቀድመን መስመሩን ማጠብ፣ ክሎሪን መጨመርና የመጀመሪያውን ውኃ እንዳትጠጡ ማስጠንቀቅ ሲገባን ቸኩለን ከፈትነው። ያንን ድፍርስ ውኃ ጠጥቶ ለታመመ ሰው የሕክምና ወጪውን እንከፍላለን፤ ደረሰኙን ለቅሬታ መስኮታችን ያቅርብ።

ባዶ መስመር ሲሞላ የሚገፋው አየር ቆጣሪውን ያዞረዋል። ስለዚህ የሚያዝያን ንባብ አንጠቀምበትም። የላይኛው ሰፈር ደንበኞች ለሚያዝያ የቆጣሪ ኪራይም የፍጆታ ሒሳብም አይከፍሉም፤ አስቀድሞ የከፈለ ገንዘቡ ይመለስለታል። አዲሱ ፓምፕ ተተክሏል፣ መከላከያውም ወደ ቦታው ተመልሷል። ለዚህ ጉድጓድ የሚስማማ መጠባበቂያ ፓምፕ ግን እስከ ዛሬ የለንም። ግዢው ተጀምሯል፤ እስኪገባ ድረስ ይህ ፓምፕ ቢበላሽ ዳግመኛ ውኃ ልታጡ ትችላላችሁና ከወዲሁ እንድታውቁት እንፈልጋለን።

ቅዳሜ ግንቦት 2 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የጽሕፈት ቤቱ ቦርድ ጉዳዩን በሕዝብ ፊት ያያል። የኦፕሬተሩ ሁለት ደብዳቤዎች ይነበባሉ፤ መከላከያው እንዲታለፍ ያዘዘው ሥራ አስኪያጅም ለጥያቄዎቻችሁ እዚያው ተገኝቶ መልስ ይሰጣል።

ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቱ ሥራ አስኪያጅና የማኔጅመንት አባላት