ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ላፕቶፕ፣ 16 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ 42,000 ብር፣ 5 ኪሎ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ባለፈው ሰኔ ተመርቄ ለሁለተኛ ዲግሪ የውጭ ትምህርት ዕድል ስላገኘሁ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም በመስቀል ማግስት፣ ከአገር እወጣለሁ። ላለፉት ዓመታት የተማርኩበትን ላፕቶፕ የምሸጠው በምሄድበት ትምህርት ክፍል ለሞዴሊንግ ሥራ ከዚህ የበለጠ አቅም ያለው ኮምፒውተር ስለሚያስፈልገኝና ለመጀመሪያው ወር የቤት ኪራይ ገንዘብ መያዝ ስላለብኝ ነው እንጂ በብልሽት ምክንያት አይደለም።

ከአገር ሊወጣ ከተዘጋጀ ሰው ዕቃ መግዛት እንደሚያሠጋ አውቃለሁ፤ ዕቃው ከሳምንት በኋላ ቢበላሽ ሻጩ አይገኝም። በዚህም ምክንያት የማውቀውን ጉድለት ሁሉ ከዚህ በታች ጽፌአለሁ፤ ገዢው ላፕቶፑን ወስዶ 3 ቀን እንዲሞክረውም ጊዜ መድቤአለሁ።

ሞዴሉ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ሲሆን ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ ባለ 4 ኮር ነው። ራሙ 16 ጊጋ ነው፤ ይህም ሁለት ባለ 8 ጊጋ ካርዶች ስለሆኑ ወደፊት ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ካርዶቹን በቀላሉ መቀየር ይችላል። ስክሪኑ 14 ኢንች፣ 1920 በ1080 ነው። ከጎኑ የኤችዲኤምአይ፣ የኔትወርክ ገመድና የኤስዲ ካርድ መሰኪያዎች ስላሉት ለፕሮጀክተርም ሆነ ለካሜራ ካርድ ተጨማሪ ማገናኛ አይጠይቅም። ዊንዶውስ 11 ፕሮ በሕጋዊ ፈቃድ ተጭኖበታል። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ስለሚያቆምና ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኮር አይ5 ፕሮሰሰሮች በይፋ ስለማይቀበል፣ ላፕቶፕ የሚፈልግ ሰው የእኔን ባይገዛ እንኳ የሚገዛውን ላፕቶፕ የፕሮሰሰር ትውልድ እንዲያጣራ እመክራለሁ።

ይህን ላፕቶፕ ከሁሉ በላይ የወደድኩት በባትሪው ነው። ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከውስጥ የተገጠመ፣ ሌላው ከታች በእጅ የሚነቀል። ከውስጥ ያለው እየሠራ ሳለ የውጭውን ነቅሎ ሌላ መተካት ስለሚቻል ኮምፒውተሩን ማጥፋት አያስፈልግም። የመመረቂያ ጽሑፌን በምሠራበት ወቅት መብራት ከሰዓት በኋላ ጠፍቶ እስከ ማታ ሳይመጣ የቆየባቸው ቀናት ነበሩ፤ በእነዚያ ቀናት ሥራዬ አልተቋረጠም። የውስጡ ባትሪ አዲስ ሳለ 24 ዋት ሰዓት ይይዝ የነበረ ሲሆን አሁን 17 ይይዛል። የውጭው ወፍራሙ ዓይነት ነው፤ 72 የነበረው አሁን 58 ይይዛል። ሁለቱ ተደምረው ጽሑፍ ለመጻፍና ፒዲኤፍ ለማንበብ 6 ሰዓት ያህል ያሠሩኛል፤ ቪዲዮ ሲታይ ወይም አውቶካድ ሲከፈት ግን ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ቃሌን ብቻ ማመን አያስፈልግም፤ የሚከተለውን ትእዛዝ በፊቴ አስገብቶ የሚወጣውን ሪፖርት ማንበብ ይቻላል።

```
powercfg /batteryreport
```

ጉድለቶቹ እነዚህ ናቸው። ዶርም ውስጥ ከላይኛው አልጋ ወድቆ ስለነበር የክዳኑ የቀኝ ጥግ ተሸርፏል፤ ማጠፊያው ግን አልላላም። በስክሪኑ የግራ ታችኛ ክፍል የምስር ፍሬ የምታህል ነጣ ያለች ነጥብ አለች፤ ነጭ ገጽ ሲከፈት ትታያለች፣ በጨለማ ገጽ ላይ አትታወቅም። በቀኝ በኩል ካሉት ሁለት የዩኤስቢ መሰኪያዎች ወደ ኋላ ያለው ላልቷል፤ ፍላሽ ይቀበላል፣ ነገር ግን ሲነካ ስለሚያቋርጥ እኔ ለማውስ ብቻ ነው የምጠቀምበት። የጥቂት ቁልፎች ፊደል ደብዝዟል፤ ሁሉም ግን ይሠራሉ። የጣት አሻራ ማንበቢያ የለውም። ባለፈው ግንቦት አስፈትቼ አቧራውን አስጠርጌአለሁ፣ የፕሮሰሰሩንም ፔስት አስቀይሬአለሁ፤ ከዚያ ውጪ ተከፍቶ የተጠገነ ክፍል የለውም።

ለማን እንደሚስማማም ግልጽ ላድርግ። እኔ አውቶካድ በባለ ሁለት አቅጣጫ ሥዕል፣ ኢታብስ እስከ 8 ፎቅ ሕንፃ፣ እንዲሁም ኤክሴል ያለ ችግር ሠርቼበታለሁ። የተለየ የግራፊክስ ካርድ ስለሌለው የሥነ ሕንፃ ተማሪ ለሬንደር ቢገዛው ያዝናል፤ ከባድ ጌም ለሚጫወትም አይሆንም። አውቶካዱ የተጫነው በስሜ በተሰጠ የተማሪ ፈቃድ ስለሆነ አብሮ አይሸጥም፤ ገዢው ተማሪ ከሆነ በራሱ ስም እንዴት እንደሚያገኘው አሳየዋለሁ።

ላፕቶፑን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መገናኛ አካባቢ ካለ ሱቅ ያገለገለ ሆኖ በ29,000 ብር ገዛሁት። አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ከገዛሁበት በላይ መጠየቄ ሊያስገርም ይችላል። ነገር ግን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው በጣም ጨምሯል፤ ዋጋውን የቆረጥኩት በዚህ ሳምንት ሦስት ሱቆች ጠይቄ፣ ከሰማኋቸው ዋጋዎች ሁሉ ዝቅ አድርጌ ነው። 42,000 ብር ነው። የግቢ መታወቂያ ለሚያሳይ ተማሪ 40,000 ብር አደርገዋለሁ፤ ከዚያ በታች ግን ስለማልወርድ ባንከራከር ደስ ይለኛል። በስልክም ሆነ በሌላ ዕቃ አልለውጥም። በዋጋው ውስጥ 65 ዋት ቻርጀሩ፣ ማውሱና ቦርሳው ይካተታሉ።

ለማየት ከመስከረም 4 እስከ 10 ባሉት ቀናት፣ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት፣ በ5 ኪሎ ግቢ ዋና በር አጠገብ መገናኘት እንችላለን። የሚያውቅ ሰው ይዞ መምጣት ይቻላል፤ እንዲያውም ያንን እመርጣለሁ። ሲበራ F1 በመጫን ወደ ባዮስ ገብቶ በይለፍ ቃል እንዳልተቆለፈ ማረጋገጥን አትርሱ፤ ከውጭ መሥሪያ ቤቶች ወጥተው ያገለገሉ ላፕቶፖች ሲገዙ ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ይከፍላል።

ርክክቡ እስከ እሑድ መስከረም 11 መጠናቀቅ አለበት። ክፍያው በባንክ ዝውውር ወይም በቴሌብር፣ ሙሉ በሙሉ በርክክቡ ሰዓት ይፈጸማል፤ ቀብድ አልቀበልም። የራሴን ፋይሎች አጥፍቼ ዊንዶውሱን በገዢው ፊት እንደ አዲስ አስጀምራለሁ። የላፕቶፑ መለያ ቁጥር የተጻፈበት የሽያጭ ውል በሁለት ቅጂ እንፈራረማለን፤ የመታወቂያዬን ቅጂና ከሱቁ የተቀበልኩትን ደረሰኝም አብሬ ስለምሰጥ ገዢው ዕቃው የእኔ እንደነበር ለማንም ማስረዳት ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ያልጠቀስኩት ጉድለት ከተገኘ እስከ ረቡዕ መስከረም 14 ማታ ድረስ፣ ሲወስደው በነበረበት ሁኔታ ሲመልስልኝ ገንዘቡን ሳልቀንስ እመልሳለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ መልሼ መቀበል አልችልም።

በዚህ ማስታወቂያ ላይ ባለው የመልእክት መስጫ ጻፉልኝ፤ የምትመጡበትን ቀንና ሰዓት ብትገልጹ በዚያው ቀን እመልሳለሁ። ሲሸጥ ማስታወቂያውን ወዲያው ስለማነሣው፣ እስከሚታይ ድረስ ላፕቶፑ አለ።