የሰሚቱ ቤት ኮሚሽን፦ ለእትዬ አስቴርና ለአቶ ዳዊት

ሰላም እትዬ አስቴር፣ ሰላም አቶ ዳዊት። እንዴት ዋላችሁ? ይህንን መልእክት ሳልቀንስ ሳልጨምር ለሁለታችሁም ልኬዋለሁ። እዚህ ሌላ፣ እዚያ ሌላ ሲያወራ ነበር እንዳልባል ነው።

መጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። ቤቱ መሸጡን ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን ከእናንተ ሳይሆን ከብሎኩ ጥበቃ ነው። ትናንት እሑድ ደውሎ «ያ ያመጣኸው ሰውዬ ሜትር ይዞ የመጋረጃ ልክ እየወሰደ ነው። ለእኛስ የሻይ የለም እንዴ?» አለኝ። ምን ልመልስለት? እኔ የማውቀው ሽያጩ መቅረቱን ነው። ውሉ ዓርብ የካቲት 13 በውልና ማስረጃ እንደተፈረመ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጾም ነውና ክፉ ቃል አልናገርም። የሆነውን ብቻ በየተራ ላስታውሳችሁ።

አቶ ዳዊት፣ ታኅሣሥ ላይ ሲደውሉልኝ ባለሁለት መኝታ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ያልበለጠ፣ ካርታው የወጣ ኮንዶሚኒየም ነበር የፈለጉት። አራት ቤት አሳየሁዎት። የእትዬ አስቴርን ቤት ያየነው ቅዳሜ ጥር 23 ነው። ያን ዕለት ከመግባታችን በፊት የቤት ማሳያ ፎርሜ ላይ ፈርመዋል። ፎርሙ «በዚህ ደላላ አማካይነት ያየሁትን ቤት ከገዛሁ የሽያጩን 2 በመቶ እከፍላለሁ» ይላል። ኮፒው እጅዎ ላይ አለ። ማክሰኞ ጥር 26 ደግሞ ባለቤትዎ የውሃውን ነገር በዓይኔ ካላየሁ ስላሉ በማታ ተመለስን። እኔ ራሴ ቧንቧውን ከፍቼ ባልዲ እስኪሞላ ቆሜያለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ከታች እርጥበት እንዳለው ያሳየሁዎትም እኔ ነኝ። ልደብቀው እችል ነበር።

እትዬ አስቴር፣ ከእርስዎ ጋር የፈረምነው ወረቀት የለም። ይህንን ራሴው እናገራለሁ። ነገር ግን ኮሚሽኑን ስነግርዎት በቴሌግራም «እሺ ልጄ፣ ሁለት ፐርሰንት ይሁን፤ ብቻ ቁም ነገረኛ ገዢ አምጣ» ብለው ጽፈውልኛል። ቁም ነገረኛ ገዢ አመጣሁ። የባንክ ዕዳው ማለቁን የሚያሳየው ክሊራንስ ጠፍቶብኛል ሲሉኝም ቅርንጫፉ ድረስ አብሬዎት ሄጄ ግማሽ ቀን ወረፋ ይዣለሁ። ያለዚያ ወረቀት ዓርብ ዕለት ውሉ አይፈረምም ነበር።

ዋጋውንም ታውቁታላችሁ። የተጠየቀው 6.4 ሚሊዮን፣ የቀረበው 5.8 ሚሊዮን ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ስደውል ውዬ 6.1 ሚሊዮን ላይ አገናኘኋችሁ። እርጥበቱን ለማስጠገን የወጣውን 18,000 ብር እትዬ አስቴር እንዲችሉ ያደረግሁትም በዚያው ነው። ሁለታችሁም በቃል ተስማማችሁ።

ከዚያ ቅዳሜ ጥር 30 መጣ። እትዬ አስቴር ቡና አፈሉልን። አቦሉን አብረን ጠጣን። ቶናው ሲቀዳ መኪናህ መንገድ ዘጋ ተብዬ ወረድሁ። ስመለስ በረካ ላይ ደርሳችኋል፤ ጨዋታው ደርቷል። ገዢና ሻጭን ለብቻ ትቶ መሄድ በእኛ ሥራ ክልክል ነው፤ ጀማሪ ደላላ እንኳ ያውቀዋል። እኔ ግን የአንድ ቤት ሰው ስለመሰላችሁኝ ደስ አለኝ። ስልክ የተለዋወጣችሁት ያኔ ይመስለኛል።

ሰኞ የካቲት 2 አቶ ዳዊት «ባለቤቴ አልወደደችውም፣ እንተወው» አሉኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት እትዬ አስቴር «ልጄ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው፣ አልሸጥም» አሉኝ። በአንድ ቀን ሁለቱም! ትንሽ ጠርጥሬ ነበር። ግን የእናት ልጅ መጣች ሲባል ምን ብዬ ልከራከር? እግዜር ያምጣልዎት ብዬ ተውሁት። ለአቶ ዳዊት እንዲያውም ሌላ ቤት መፈለግ ጀምሬ ነበር፤ ያየሁላቸውን የጎሮ ቤት ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው ለቀቅሁት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የ6.1 ሚሊዮን 2 በመቶ 122,000 ብር ነው። ከእያንዳንዳችሁ 122,000። ውሉ ላይ ስንት ብላችሁ እንዳስጻፋችሁ አላውቅም፣ አልጠይቅምም። እሱን ይዤ ማንንም አላስፈራራም። የኔ ስሌት በተስማማችሁበት ዋጋ ነው።

ብዙ መስሎ ከታያችሁ ይገባኛል። ግን ከእትዬ አስቴር የምቀበለው ግማሹ የኔ አይደለም። ቤቱ እንደሚሸጥ መጀመሪያ የነገረኝ በሩ ላይ መኪና የሚያጥበው ልጅ ነው። ግማሽ በግማሽ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። በየጠዋቱ «ጋሼ፣ እንዴት ሆነ?» ይለኛል። ቤቱ ተሸጧል፣ እኛን ግን ዘለሉን ብዬ ልነግረው አልቻልኩም።

የደላላ ስም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ዋጋ የሚቆልል፣ ሻጭ ያላለውን ብር ላዩ ላይ ደርቦ የሚበላ ሞልቷል። በእነሱ ተማርራችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን በናንተ ዋጋ ላይ አንድ ብር አልጨመርኩም። ዋጋውን ሁለታችሁም ፊት ለፊት ተነጋግራችሁበታል፤ ለዚህ እናንተው ምስክር ናችሁ።

የምጠይቀው ይህንን ነው። አቶ ዳዊት እስከ ቅዳሜ የካቲት 21 ቢያስገቡልኝ። የቤት ዕቃ ማጓጓዙና ስም ማዛወሩ ወጪ እንዳለው ስለማውቅ ግማሹን ቅዳሜ፣ ግማሹን መጋቢት 10 ካሉኝም እቀበላለሁ። እትዬ አስቴር ግን ገንዘቡ እጅዎ ስለገባ በአንድ ጊዜ ይሁንልኝ። የንግድ ባንክ ሒሳቤን ለሁለታችሁም ለየብቻ እልካለሁ። ንግድ ፈቃድ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ደረሰኝ እቆርጣለሁ።

«እኛው ራሳችን ነን የጨረስነው» የምትሉ ከሆነ፣ መጀመሪያ በሽማግሌ እንየው። የብሎኩን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሁለታችሁም ታከብሯቸዋላችሁ፤ እሳቸው ፊት ፎርሙንና የቴሌግራሙን ጽሑፍ ይዤ እቀርባለሁ። ተሳስተሃል ካሉኝ አፌን ይዤ እመለሳለሁ። በሽማግሌም ካልሆነ ፍርድ ቤት መሄዴ አይቀርም። አቶ ዳዊት ፊርማዎ አለ። እትዬ አስቴር የጽሑፍ ቃልዎ አለ። ከዚያም በላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2162 በቂ ምክንያት ሳይኖረው በሌላው ሰው ሥራ የተጠቀመ ይካስ ይላል። ግን እንዲህ ያለው ነገር ከቡና በኋላ ያስጠላል። ችሎት ለችሎት መንከራተቱን እኔም አልፈልገውም። እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ ብትደውሉልኝ ሰው መሃል ሳናስገባ እንጨርሰዋለን። አንድ ላይ መገናኘት ከፈለጋችሁም ቦታውን እናንተ ምረጡ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ቤቱን ለማሳየት የሰጡኝ ትርፍ ቁልፍ አሁንም እኔ ጋ ነው፣ እትዬ አስቴር። መያዣ አድርጎት ነው እንዳትሉ፤ ነገ ጠዋት ጥበቃው ጋ በፖስታ አሽጌ አስቀምጠዋለሁ። አቶ ዳዊት፣ ቢሆንም የበሩን ጋን ይቀይሩት። ቁልፉ በእኔ እጅ ብቻ አይደለም የዞረው፤ ከእኔ በፊት ሁለት ደላሎች ይዘውት ነበር።