ድረ ገጽን በምንጭነት ከመጥቀሳችሁ በፊት፦ ለ11ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎቼ

ጅማ፣ ጥር 6

ውድ ተማሪዎቼ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ ከተማችንና ስለ አካባቢዋ ያስገባችሁትን የጥናት ረቂቅ አንብቤ ጨርሻለሁ። የርዕስ ምርጫችሁ አስደስቶኛል። ቅር ያሰኘኝ የመጨረሻው ገጽ ነው፦ «ምንጭ፦ ጎግል»፣ «ምንጭ፦ ኢንተርኔት»፣ «ምንጭ፦ ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ፒዲኤፍ»። ጎግል የሌሎችን ጽሑፍ ፈልጎ የሚያሳይ ነው እንጂ ራሱ ስለ ጅማ የጻፈው ነገር የለም። ከላይ የሚመጣው ውጤትም የግድ እውነተኛው አይደለም፤ አንዳንዱ ተከፍሎበት የተቀመጠ ማስታወቂያ ነው። ረቂቁን የመለስኩላችሁ ለዚህ ነው። ማርክ አልቀነስኩም፣ አትደንግጡ።

በቡናው ታሪክ ልጀምር፤ ግማሻችሁ የጻፋችሁት ስለ እሱ ነው። «በ850 ዓ.ም ካልዲ የተባለ እረኛ ፍየሎቹ ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን አገኘ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ይዞራል። አንዳንዶቻችሁ እረኛውን ካሊድ ብላችሁ ቦታውን ጎማ ወረዳ ጮጬ አድርጋችሁታል፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ከፋ ወስዳችሁታል። ምንጭ ብላችሁ የጠቀሳችኋቸውን ገጾች እኔም ከፈትኳቸው። አንዱ የአስጎብኚ ድርጅት ነው፣ ሌላው ቡና ቆልቶ የሚሸጥ፣ ሦስተኛው የምግብ አሠራር የሚያሳይ። አንዳቸውም ታሪኩን ከየት እንዳገኙት አይናገሩም። ዓረፍተ ነገሩን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ብትፈልጉት እርስ በርስ የተገለባበጡ ገጾች ይደረደሩላችኋል። ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከአንድ ሰው የሰሙ አሥር ሰዎች አንድ ምስክር ናቸው።

ታዲያ ወደ ኋላ ስንሄድ ምን እናገኛለን? የእረኛው ታሪክ በጽሑፍ የሚታወቀው ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በላቲን ካሳተመው ጽሑፍ ጀምሮ ነው። በ850 ሆነ ከተባለው ጊዜ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ይርቃል። ይህ ማለት ታሪኩን አትጻፉት ማለት አይደለም። «እንዲህ የሚል አፈ ታሪክ አለ» ብላችሁ ጻፉት፤ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትንም ከማን እንደሰማችሁ ጠቅሳችሁ አስገቡ። የአረቢካ ቡና መገኛ ኢትዮጵያ መሆኗን የሚያስረዳው ግን የዕፅዋት ሳይንስ ነው፤ እረኛውን ማስረጃ አታድርጉት።

አሁን ወደ አሠራሩ። አንድ ገጽ ስትከፍቱ እዚያው ላይ ተቀምጣችሁ አማረ አላማረ አትበሉ። ከገጹ ውጡ። ሌላ ታብ ክፈቱና የድረ ገጹን ስም ፈልጉ፤ ባለቤቱ ማን ነው፣ ሌሎች ስለ እሱ ምን ይላሉ? ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረቡት ጥናት የታሪክ ምሁራንን፣ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎችና በሙያቸው መረጃ የሚያጣሩ ሰዎችን አወዳድረው ነበር። ምሁራኑና ተማሪዎቹ በብዛት ገጹን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ በአርማውና በስሙ ሲታለሉ፣ አጣሪዎቹ ፈጥነው ወጥተው ሌላ ቦታ ጠየቁ፤ ቶሎ የደረሱበትም እነሱ ናቸው። (የታሪክ መምህር ሆኜ ይህን መጻፍ ደስ አይልም፤ ግን እውነት ነው።)

በአድራሻው መጨረሻ ፊደሎችም አትመኑ። «ኦርግ ስለሆነ የታመነ ነው» ብላችሁ የጻፋችሁ አላችሁ። .org ማንም ከፍሎ የሚያስመዘግበው ነው። ለዓመታት martinlutherking.org የሚል ገጽ ነበር፤ ለተማሪዎች የተዘጋጀ የሚመስል፣ ግን ስቶርምፍሮንት የተባለው የነጭ የበላይነት አራማጆች ድረ ገጽ ሰዎች ኪንግን ለማጥላላት የሚያስተዳድሩት። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ታች በደቃቅ ጽሕፈት ተጽፎ ነበር። .gov.et ወይም .edu.et ካያችሁ የመንግሥት ተቋም ወይም የትምህርት ተቋም መሆኑን ይጠቁማል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲን ገጾች ብቻ መፈለግ ከፈለጋችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

```
site:ju.edu.et coffee
```

በአንዳንድ ማሰሻዎች አድራሻው አጠገብ የምትታየው የቁልፍ ምልክት የምትነግራችሁ በእናንተና በገጹ መካከል ያለው ግንኙነት የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው፤ ውሸታምም ቁልፍ አለው። በፌስቡክና በኤክስ ላይ ያለው ሰማያዊ ምልክትም ዛሬ በወርሃዊ ክፍያ ይገኛል። ከገጹ ግርጌ ያለው ዓመትም ብዙ ጊዜ በራሱ የሚቀየር ስለሆነ ጽሑፉ መቼ እንደተጻፈ አይነግራችሁም። የጽሑፉን ቀን ፈልጉ፤ ከሌለው «ቀን የለውም» ብላችሁ ጻፉ።

ስለ ቀን ካነሳን፣ እኛን ከሌላው አገር ተማሪ በላይ የሚያስቸግረን የዘመን አቆጣጠር ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ሥልጣን የያዙት አንዱ ገጽ ላይ 1878፣ ሌላው ላይ 1870 ተብሎ ስታዩ «ምንጮቹ ይጋጫሉ» ብላችሁ ጽፋችኋል። አልተጋጩም፤ አንዱ በአውሮፓውያን፣ ሌላው በእኛ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ደግሞ በእኛ የተጻፈውን እንደገና ስምንት ዓመት ቀንሶ 1862 ያደረገ አለ። ገጹ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም» ካላለ በምታውቁት ዓመት ፈትኑት፦ ዓድዋን 1888 ካለ በእኛ ነው፣ 1896 ካለ በእነሱ። መንግሥቱን በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቋቋሙትን ቀዳማዊ አባ ጅፋርንና እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) የነበሩትን ዳግማዊውን አንድ ሰው የሚያደርግ ገጽ ካገኛችሁ ግን ዝጉት። ስትፈልጉም በአንድ አጻጻፍ አትወሰኑ፤ Abba Jifar፣ Abbaa Jifaar፣ አባ ጅፋር እያላችሁ ሞክሩ። አፋን ኦሮሞ የምታነብቡ ልጆች በዚህ ከሌሎቻችን ትቀድማላችሁ።

ቁጥር ስትጠቅሱ ማን ቆጠረው፣ መቼ የሚለው ይኑር። የጅማ ከተማ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም ቆጠራ 120,960 ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ፣ ከዚህ የሚበልጡት ቁጥሮች ግምት ናቸው፤ «ግምት» ብላችሁ ጻፉ። የቆጠራው የቆየ ሊንክ አልከፍት ካላችሁ አድራሻውን web.archive.org ላይ አስገቡት፤ የድሮው ገጽ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ዊኪፒዲያን አንብቡ፣ ግን እሱን አትጥቀሱ። ግርጌው ላይ ያሉትን ማጣቀሻዎች ተከትላችሁ የተጻፈበትን ሰነድ ራሱን ክፈቱ። ያልከፈታችሁትን ሰነድ ደግሞ እንዳነበባችሁ አድርጋችሁ እንዳታሰፍሩ።

የተስተካከለውን ረቂቅ ጥር 20 ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት አስገቡ። በእያንዳንዱ ምንጭ ሥር የጸሐፊውን ወይም የተቋሙን ስም፣ የጽሑፉን ርዕስ፣ የተጻፈበትን ቀን፣ እናንተ የከፈታችሁበትን ቀንና ሙሉ አድራሻውን ጻፉ፤ ከዚያ በአንድ መስመር ባለቤቱን እንዴት እንዳጣራችሁ ጨምሩ። ስልክ ወይም ዳታ የሌላችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ እኔ አለሁ። ጥቂት ምንጭ ይበቃል፤ ሦስት የተጣራ ያመጣ ልጅ አሥራ አምስት ከደረደረው የተሻለ ማርክ ያገኛል።

የታሪክ መምህራችሁ